በነጋዴውና በባለቤቱ ዋጋ መሀል ያለው ገንዘብ ምን ይገዛል?

ያገለገለ ሰዓት መፈለግ የጀመረ ሰው ቶሎ የሚያጋጥመው ነገር አለ። ሞዴሉ አንድ ነው፣ የተሠራበት ዘመንም ተቀራራቢ ነው፣ ዋጋው ግን ሁለት ነው። ነጋዴው ጋ ይወደዳል። ባለቤቱ ራሱ ሲሸጠው ረከስ ይላል። ነጋዴውን አይቶ "ይሄ ሰውዬ ይዘርፋል" ማለት ቀላል ነው። ግለሰቡን አይቶ "የሆነ የደበቀው ነገር አለ" ማለትም እንዲሁ። እኔ ከሁለቱም ይልቅ አንድ ጥያቄ ይሻለኛል። በመሀል ያለው ገንዘብ በትክክል ምን እየገዛልኝ ነው?

በቅርቡ ይህን ጥያቄ በሁለት ሰዓቶች ላይ አስልቼ አይቼዋለሁ። ሁለቱም ኦሜጋ ስፒድማስተር ፕሮፌሽናል ናቸው፤ ብዙ ሰው "የጨረቃው ሰዓት" የሚለው። የሞዴል ቁጥራቸው 3570.50 ነው። ይህ ሞዴል ከ1990ዎቹ አጋማሽ በኋላ እስከ 2014 ገደማ (በአውሮፓ አቆጣጠር) ብዙም ሳይለወጥ ተሠርቷል። በእጅ የሚሞላ ነው፣ ባትሪ የለውም። ሁለቱም ውስጥ ያለው ሞተር ካሊበር 1861 ይባላል። ለንጽጽር የሚመች ሰዓት ነው፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ሞዴሉ ሳይሆን አያያዙ ነውና።

ገንዘቡን በየትኛውም አገር ሒሳብ እንዲያገለግል በነጥብ ላስቀምጠው። ግለሰቡ የጠየቀውን 100 እንበለው። ነጋዴው 124 ጠይቋል። 24 ነጥብ ልዩነት ማለት ነው። ለማነጻጸር ያህል፣ የማምነው ሰዓት ሠሪ ለዚህ ሞዴል ሙሉ ሰርቪስ የሚያስከፍለኝ በዚሁ ስሌት 16 ነው። ክሮኖግራፍ ስለሆነ፣ ማለትም ጊዜ መለኪያ ያለው ስለሆነ፣ ዕቃው ብዙ ነው፤ ሥራውም ከተራ ሰዓት ይከብዳል።

ከነጋዴው እንጀምር። ማስታወቂያው ላይ ያለው ትልቁ ቃል "ሰርቪስ የተደረገለት" የሚለው ነበር። የ24ቱ ነጥብ ትልቅ ድርሻ የተደገፈው በዚህ ቃል ላይ ነው። ሙሉ ሰርቪስ ማለት ሞተሩ ብሎን በብሎን ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ የተበላው ዕቃ ተቀይሮ፣ እያንዳንዱ ቦታ የሚገባውን ዘይት አግኝቶ እንደገና መገጠም ነው። የጎማ ቀለበቶቹም ይቀየራሉ። ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ለቀናት በተለያየ አቀማመጥ ይፈተሻል። ግን በሻጮች አፍ "ሰርቪስ" ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል። ጀርባው ተከፍቶ፣ የፍጥነቱ ማስተካከያ በትንሹ ተገፍቶ፣ ላዩ ፖሊሽ ተደርጎ ይዘጋል። ይህን ለመሥራት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ሁለቱን የሚለያቸው ደረሰኝ ነው። ማን ሠራው? መቼ? ምን ምን ዕቃ ተቀየረ? ነጋዴውን ስጠይቀው "የእኛ ሰዓት ሠሪ አይቶታል፣ በቀን ሁለት ሰከንድ ብቻ ነው የሚፈጥነው" አለኝ። ደረሰኝ የለም። ያገኘሁት መልስ ደግሞ ለጥያቄዬ መልስ አልነበረም። በቀን ሁለት ሰከንድ ጥሩ ቁጥር ነው፤ ሰርቪስ መደረጉን ግን አያሳይም። ዘይቱ የደረቀ ሰዓትም ማስተካከያውን ገፋ ካደረጉለት ለጊዜው በትክክል ይሄዳል።

እውነቱን የሚናገረው ሌላ ቁጥር ነው። ሰዓት ሠሪዎች ታይምግራፈር የሚባል መሣሪያ አላቸው። ሰዓቱን ማይክሮፎን ላይ ያስቀምጡታል፣ መሣሪያው ምቱን ያዳምጣል። ከዚያ ሦስት ነገር ይነግራል። አንደኛው ሰዓቱ በቀን ስንት ሰከንድ እንደሚፈጥን ወይም እንደሚዘገይ ነው። ሁለተኛው ምቱ ግራና ቀኝ እኩል መሆኑን ነው። ሦስተኛው አምፕሊትዩድ ይባላል። ውስጥ ወዲያና ወዲህ የምትዞረው ትንሿ መንኮራኩር በእያንዳንዱ ምት ስንት ዲግሪ እንደምትወዛወዝ የሚያሳይ ነው። ሙሉ በሙሉ ተሞልቶ በጀርባው የተኛ ጤነኛ ሰዓት በ270 እና በ300 ዲግሪ መካከል ይወዛወዛል። ዘይቱ ሲደርቅ፣ ቆሻሻ ሲገባ፣ ሞላው ሲደክም ይህ ቁጥር ይወርዳል። ማስተካከያውን በመግፋት ደግሞ ወደ ላይ አይመለስም። ስለዚህ ነጋዴው ስለ ሰከንድ ሲያወራ እኔ ስለ አምፕሊትዩድ እጠይቃለሁ።

ነጋዴው ክፉ ሰው አልነበረም፤ መሣሪያውን አውጥቶ ፊቴ ለካልኝ። 262 አሳየ። ደህና ይመስላል። ግን አንድ ነገር ዓይኔ ውስጥ ገባ። መሣሪያው መንኮራኩሯን አያያትም፤ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። ከድምፁ ተነስቶ ውዝዋዜውን ለማስላት "ሊፍት አንግል" የሚባል ቁጥር እንዲነገረው ይፈልጋል። ይህ ቁጥር ከሞተር ሞተር ይለያያል። ለ1861 ቁጥሩ 50 ዲግሪ ነው። አብዛኞቹ መሣሪያዎች ማንም ካልነካቸው 52 ላይ ናቸው። የነጋዴውም 52 ላይ ነበር። ውጤቱ ከዚህ ቁጥር ጋር አብሮ ስለሚያድግ 262 የተባለው በትክክለኛው ስሌት 252 ነው። ወደ 50 እንዲያወርደው ጠየቅሁት፤ ወረደ፤ 252።

252 የታመመ ሰዓት ቁጥር አይደለም። ገና ሊሠራ ይችላል። ግን በቅርቡ ተፈትቶ የታጠበና ዘይት የተቀባ ሰዓት ከዚህ በላይ ይወዛወዛል ብዬ እጠብቃለሁ። በእኔ ግምት ይህ ሰዓት ታይቷል እንጂ ሰርቪስ አልተደረገለትም። ነጋዴው ራሱም ትንሽ ቆይቶ "ሙሉ ሰርቪስ አላልኩም" አለ። ማስታወቂያው ግን ብሎ ነበር።

ሁለተኛው ነገር ፖሊሹ ነው። በስፒድማስተር ላይ ማሰሪያው የሚታሰርባቸው አራቱ ጆሮዎች ጠመም ያለ ቅርጽ አላቸው። በእነሱ ላይ የሚያብረቀርቀው ገጽና በብሩሽ የተሠራው ደብዛዛ ገጽ ይገናኛሉ። መገናኛው ከፋብሪካ ሲወጣ በቢላ እንደተቆረጠ የጠራ መስመር ነው። ፖሊሽ ብረት ይበላል። በግዴለሽነት ሲደረግ መስመሩ ይሟሟል፣ ጆሮዎቹ ይሳሳሉ፣ ጠርዙ ይከባል። የነጋዴው ሰዓት ከሩቅ ሲታይ እንደ አዲስ ያበራ ነበር። ጠጋ ብዬ በጎን ብርሃን ሳየው ግን በሁለቱ ጆሮዎች ላይ መስመሩ የለም። ጭረት ያለበት ሰዓት አንድ ቀን በጥሩ ባለሙያ ሊስተካከል ይችላል። የተበላ ብረት ግን ሌዘር ብየዳ ካልተሠራለት በቀር አይመለስም፤ እሱ ደግሞ ዋጋው አይቀመስም። ነጋዴ ፖሊሽ የሚያደርገው ገዢ የሚያብረቀርቅ ነገር ስለሚወድ ነው። ጥፋቱን ሁሉ በእሱ ላይ አላደርግም፤ እኛም እንዲህ ነው የምንገዛው።

ታዲያ 24ቱ ነጥብ ምን ቀረው? ሦስት ነገር ቀርቶታል፤ ሦስቱም ዋጋ አላቸው። የአንድ ዓመት ዋስትና፣ በ14 ቀን ውስጥ የመመለስ መብት፣ እና ሰዓቱ የተሰረቀ ሆኖ ቢገኝ የምይዘው አድራሻ ያለው ድርጅት።

ዋስትናውን በቁጥር ለማየት ሞከርኩ። በአንድ ዓመት ውስጥ ሙሉ ሰርቪስ የሚያስፈልገው ብልሽት የሚደርስበት ዕድል ከአራት አንድ ነው ብንል፣ 16 ለአራት ሲካፈል 4 ነው። የእኔ ግምት ነው፣ የሌላ ሰው ሊለይ ይችላል። ግን ዕድሉን ከሁለት አንድ አድርገን እንኳ ብናጋንነው 8 ነው እንጂ 24 አይሆንም። ደግሞ ዋስትናውን ማንበብ ያስፈልጋል። ብዙውን ጊዜ የሚሸፍነው የሞተሩን ብልሽት ብቻ ነው። ውኃ ከገባ፣ ከወደቀ፣ መስታወቱ ከተሰነጠቀ አይመለከተውም። ይህ የሱቁ ዋስትና እንጂ የፋብሪካው አይደለም። ሱቁ ከተዘጋ ወረቀቱም አብሮ ይዘጋል።

የመመለስ መብቱ በእኔ ዓይን ከዋስትናው ይበልጣል። 14 ቀን ማለት ሰዓቱን ወደራሴ ሰዓት ሠሪ ወስጄ ማስከፈት የምችልበት ጊዜ ነው። ግን እዚህ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ አለ። ሰዓቱ የራሱ የነጋዴው ነው ወይስ ሌላ ሰው ሽጥልኝ ብሎ ያስቀመጠው? ነጋዴ ጋ ከሚታዩት ሰዓቶች የሰው የሆኑ፣ እሱ ኮሚሽን ብቻ የሚያገኝባቸው ይኖራሉ። ያኔ የነጋዴ ዋጋ እየከፈልን የምንገዛው ከማናውቀው ግለሰብ ነው። የመመለስ መብቱም ሊቀር ይችላል። ይህኛው የራሱ ነበር፤ ስጠይቀው በጽሑፍ አረጋገጠልኝ።

ስለ ትልቅ ስም አንድ ነገር ጣል ላድርግ። በ2021 አንድ የ1950ዎቹ ስፒድማስተር ጄኔቫ ውስጥ በፊሊፕስ ጨረታ ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ። የገዛው የኦሜጋ ሙዚየም ራሱ ነው። በ2023 ኦሜጋ ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ዕቃ የተገጣጠመ መሆኑን፣ በነገሩም የቀድሞ ሠራተኞቹ እጅ እንዳለበት አስታወቀ። ፋብሪካው የራሱን ሰዓት ሲገዛ ከተታለለ፣ "ከታወቀ ቤት ነው የገዛሁት" የሚለው ብቻውን ምን ያህል እንደሚያስተማምን ገምቱ።

አሁን ወደ ግለሰቡ። ሻጩ ዕድሜያቸው ገፋ ያለ ሰው ነበሩ። ሰዓቱን አዲስ ሆኖ የገዙት ራሳቸው ናቸው፤ ሳጥኑም የዋስትና ካርዱም አለ። ገና ከመገናኘታችን በፊት በስልክ አንድ ነገር ለመንኳቸው። "ጠቋሚዎቹን አሥር ሰዓት ከአሥር ላይ አድርገው፣ የዛሬውን ቀን በወረቀት ጽፈው አጠገቡ አስቀምጠው ፎቶ ይላኩልኝ" አልኳቸው። ሳቁና ላኩ። ሰዓቱ በእጁ የሌለ፣ የሰው ፎቶ እያወጣ የሚሸጥ አጭበርባሪ እዚህ ላይ ይጠፋል።

የሁለተኛው ጥያቄ ቦታ ካርዱ ነው። ካርዱ ላይ ያለው የሰዓቱ ቁጥር ከአንዱ ጆሮ ጀርባ በጥቃቅኑ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆን አለበት። ካርዱ ላይ ያለው ስም ደግሞ ከሻጩ መታወቂያ ጋር። ሁለቱም ገጠሙ። ቁጥሩን የተሰረቁ ሰዓቶች መዝገብ ላይም አስጠየቅሁ፤ መቀመጫውን ለንደን ያደረገ ዘ ዋች ሬጂስተር የሚባል አገልግሎት አለ። የለም የሚል መልስ ሙሉ ማረጋገጫ አይደለም፣ ሁሉም ሌብነት አይመዘገብማ። ይሁንና ከመጀመሪያ ባለቤት በስሙ ካርድ መግዛት በእኔ ግምት የነጋዴውን ሦስተኛ ጥቅም በአብዛኛው ይተካዋል። በአገሩ ሕግ የተሰረቀ ዕቃ የገዛ ሰው ዕቃውን ሊነጠቅ የሚችል ከሆነ፣ ካርድና መታወቂያ የሌለውን ሻጭ በምንም ዋጋ አልነካውም።

ክፍያውን የምፈጽመው ሰዓት ሠሪው ጋ ጀርባው ከተከፈተ በኋላ ነው አልኳቸው። ይህን የማይቀበል ሻጭ ቢያጋጥመኝ ያኔውኑ እተወው ነበር። እሳቸው ተስማሙ። የፈታሹን ዋጋ እኔ ከፈልኩ፣ አንድ ነጥብ እንኳ አይሞላም።

መጀመሪያ ሳይከፈት የሚታይ ነገር አለ። መስታወቱ ሄሳላይት የሚባል ፕላስቲክ ነው። በትክክለኛው መስታወት መሀል ላይ፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የምትታይ፣ ጭላንጭል የምታህል የኦሜጋ ምልክት አለች። እሷ ከሌለች መስታወቱ በሌላ ተቀይሯል። አለች። ቀጥሎ ክሮኖግራፉ። ተነስቶ፣ ቆሞ፣ ወደ ዜሮ ሲመለስ ትልቁ የሰከንድ ጠቋሚ ልክ 12 ላይ መቆም አለበት። ቆመ። ሲነሳ ትንሽ ዘለለ። ይህ ጥርስ ከጥርስ ሲገናኝ የሚመጣ ነው፤ በዚህ ዓይነት ሞተር የተለመደ ስለሆነ አያስደነግጥም። አንድ ነገር ግን ተበላሽቶ ነበር። ክሮኖግራፉ ሳይነሳ የ12 ሰዓቱ ትንሽ ቆጣሪ ቀስ እያለ ይሄዳል። ሰዓት ሠሪው አየውና "ይህ የታወቀ ነው፤ ሲፈታና በትክክል ሲቀባ ይቆማል" አለ።

ከዚያ ተከፈተ። ሻጩ ውስጡን አይተው ደነገጡ። "ይሄ ፕላስቲክ ምንድን ነው? ቀየሩብኝ እንዴ?" አሉ። አልቀየሩባቸውም። በ1861 ውስጥ የክሮኖግራፉ ፍሬን ዴልሪን ከሚባል ፕላስቲክ ነው የሚሠራው። ፋብሪካው ራሱ ነው ያደረገው። ይህን የማያውቅ ገዢ ጥሩ ሰዓት ትቶ እንደሚሄድ እገምታለሁ።

መለካቱ ደስ አይልም ነበር። ሊፍት አንግሉ 50 ላይ ተደርጎ፣ ሙሉ ተሞልቶ፣ በጀርባው ተኝቶ 228። ወደ ጎን ሲቆም 205። ሰባት ዓመት ያህል ማንም አልከፈተውም፤ ባለቤቱም አልደበቁም። ሰርቪስ የግድ ነው። ዝገት ግን የለም፣ የብሎኖቹ ራስ አልተጫጫረም፣ የጠፋ ዕቃ የለም። ላዩ ጭረት በጭረት ነው። የጆሮዎቹ መስመር ግን አራቱም ቦታ ላይ ጥርት ብሎ አለ። ፖሊሽ አይቶ አያውቅም።

ስንከራከር የያዝኩት የፍተሻውን ውጤት ብቻ ነው። ሰርቪሱ 16 ነው፤ ግማሹን ይያዙልኝ አልኳቸው። 92 ላይ ተስማማን። 92 እና 16፣ 108። ነጋዴው ደግሞ ስጫነው እስከ 118 ወርዶ ነበር። ግን የእሱም ሰዓት በጥቂት ዓመት ውስጥ ሰርቪስ ይፈልጋል፤ ያኔ 134 ይሆናል። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ልዩነቱ 26 ነው። በ26 የማገኘው የአንድ ዓመት ወረቀትና የ14 ቀን መብት ነው፣ ያውም በተበሉ ጆሮዎች ላይ። የግለሰቡን ገዛሁ። ሰርቪሱ ሲያልቅ መሣሪያው 287 አሳየ፣ ትንሿ ቆጣሪም መንቀሳቀስ አቆመች። ፖሊሽ እንዳይደረግ ግን ሥራው ሲጀመር ወረቀቱ ላይ አስጽፌ ነበር፤ ሰዓት ሠሪም ቢሆን ደንበኛን ላስደስት ብሎ እጁን ይሰነዝራል።

በዚህ ስሌት ሁልጊዜ ግለሰብ ያሸንፋል ማለት አይደለም። ሒሳቡ የሠራልኝ በሁለት ምክንያት ነው። ይህን ሞተር በደንብ የሚያውቅና ዕቃውን ማግኘት የሚችል ሰዓት ሠሪ አለኝ፣ ስለዚህ ሊመጣ የሚችለው ትልቁ ጉዳት 16 ብቻ ነበር። ሻጩ ደግሞ የመጀመሪያው ባለቤት ነበሩ። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ነገሩ ይገለበጣል። ፋብሪካው መለዋወጫ ለውጭ ሰዓት ሠሪ የማይሸጥበት ሞዴል ከሆነ፣ አንድ ብልሽት የሰዓቱን ዋጋ ሲሦ ሊበላ ይችላል። ያኔ የነጋዴው ዋስትና 4 ሳይሆን 10 ወይም 12 ያወጣል። ሻጩም ከሌላ ሰው የገዛ፣ ካርዱ የማንም ስም የሌለበት ከሆነ፣ ነጋዴ ጋ ብሄድ ይሻለኛል። ሰዓቱ ሌላ ከተማ ከሆነና አብሬ ሄጄ ማስከፈት ካልቻልኩም እንዲሁ።

ነጋዴ ጋ ከሄድኩ ደግሞ አሁን የምከራከረው በሌላ መንገድ ነው። 6 ነጥብ ቀንስልኝ አልልም። "ዋጋህን ያዝ፣ ሙሉ ሰርቪስ አሠርተህ ደረሰኙን በስሜ ስጠኝ፣ ፖሊሽ አታስነካው" እለዋለሁ። ለእኔ 16 የሚያወጣው ሰርቪስ ለእሱ ያን ያህል አያወጣም። ነጋዴው ለሰዓት ሠሪው በየሳምንቱ ሥራ የሚያመጣ ደንበኛ ስለሆነ በቅናሽ ነው የሚሠራለት። ስለዚህ ነጋዴው ዋጋ ከመቀነስ ይህን መስጠት ይቀለዋል።